ባለ 4 ቴራ ዲስክ ገዝቶ 2 ቴራ ብቻ ማግኘት

አዲስ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ የዊንዶውሱ Disk Management ሲከፈት፣ ከሁሉ አስቀድማ Initialize Disk የምትል ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ዲስኩ በ MBR ይዘጋጅ ወይስ በ GPT? ከሥር ደግሞ GPT በሁሉም የቀድሞ የዊንዶውስ ስሪቶች ዘንድ እንደማይታወቅ የምትናገር ማስታወሻ አለች። ብዙ ሰው ይህችን ማስታወሻ ሲያነብ “ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አልነበብም እንዳይለኝ” ብሎ MBRን ይመርጣል።

ኮምፒውተሩ በዚህ አይከራከርም፤ እሺ ብሎ ያልፋል። ውጤቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ዲስኩ በስክሪኑ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ አንደኛው 2048 ጊጋባይት ሲሆን እንደ ልብ ይሠራል። ሁለተኛው 1678 ጊጋባይት ግን Unallocated የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ቁጭ ይላል። በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑት New Simple Volume የሚለው ትእዛዝ ደብዝዞ ይታያል፤ ቢነኩትም አይሠራም። ዲስኩ አልተበላሸም፣ ሻጩም አላጭበረበረም። ችግሩ ያለው በዚያች መስኮት ላይ በተመረጠው የመዝገብ ዓይነት ነው።

ፎርማት የማይደርስበት መዝገብ

ማንኛውም ዲስክ ፋይል ከመቀበሉ በፊት፣ መጀመሪያው ላይ አንድ አጭር መዝገብ ይጻፍበታል። መዝገቡ ዲስኩ ላይ ስንት ክፍሎች እንዳሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም ይናገራል። ክፍሎቹ ፓርቲሽን ይባላሉ። MBR እና GPT ይህን መዝገብ የመጻፊያ ሁለት ሥርዓቶች ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪው ኤምቢአር እና ጂፒቲ እያለ ይጠራቸዋል።

እዚህ ላይ ከፎርማት ጋር መምታታት የለባቸውም። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት የሚባሉት በአንድ ፓርቲሽን ውስጥ ፋይሎች የሚደረደሩበት ሥርዓት ናቸው። ፎርማት ማድረግ የሚነካው የፓርቲሽኑን ውስጥ እንጂ ከሱ በላይ ያለውን መዝገብ አይደለም። ስለዚህ 1678 ጊጋባይት የጠፋበት ሰው ዲስኩን አሥር ጊዜ ፎርማት ቢያደርገው፣ አንዴ በኤንቲኤፍኤስ አንዴ በኤክስፋት ቢሞክረው፣ የሚያገኘው ያንኑ 2048 ጊጋባይት ነው።

2 ቴራ ላይ ለምን ይቆማል?

ኤምቢአር ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። በዚያ ዓመት አይቢኤም ያወጣው ፒሲ ኤክስቲ የተባለ ኮምፒውተር ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ ዶስ 2.0 ይዞት የመጣው የፓርቲሽን መዝገብም በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ሰፈረ። ሴክተር ማለት ዲስክ የሚነበብበትና የሚጻፍበት ትንሹ ቁራሽ ነው፤ መጠኑ በተለምዶ 512 ባይት ነው። ከዚህች 512 ባይት ውስጥ 446ቱ ኮምፒውተሩን ለሚያስነሳው ኮድ፣ 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት ተይዘዋል። ለፓርቲሽኖቹ የቀረው 64 ባይት ብቻ ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 16 ባይት ይደርሳል፤ ኤምቢአር አራት ዋና ፓርቲሽን ብቻ የሚይዘውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ከ16ቱ ባይት ውስጥ የፓርቲሽኑ ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ 4 ባይት፣ ማለትም 32 ቢት ነው። የቤት ቁጥር መሙያው ሦስት ሣጥን ብቻ ያለው ቅጽ ከ999 በላይ ያለውን ቤት መመዝገብ እንደማይችል ሁሉ፣ 32 ቢትም ከተወሰነ ቁጥር በላይ መቁጠር አይችልም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
2^32 × 512 = 2,199,023,255,552 ባይት
```

ይህ ቁጥር አንድ ነገር ያብራራል። አምራቾች “2 ቴራ” ብለው የሚሸጡት ዲስክ 2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው፤ በኤምቢአር ያለ ችግር ሙሉውን ይሠራል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው መጠን ነው። ባለ 4 ቴራ ዲስክ በዊንዶውስ አቆጣጠር 3726 ጊጋባይት ነው። ከሱ ላይ 2048 ሲቀነስ 1678 ይቀራል።

“ታዲያ ሁለት ፓርቲሽን አድርጌ የቀረውን በሁለተኛው ልያዘው” የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ግን የፓርቲሽን መነሻ የሚጻፍበትም ቦታ ያው 32 ቢት ነው። ስለዚህ ከ2048 ጊጋባይት በኋላ የሚጀምር ፓርቲሽን በመዝገቡ ላይ አድራሻ ሊሰጠው አይችልም። ዊንዶውስ ትእዛዙን የሚያደበዝዘው ለዚህ ነው።

ጂፒቲ የተወለደው በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንቴል ባዮስን የሚተካ አዲስ የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት ሲነድፍ ነው። ዛሬ ዩኢኤፍአይ የምንለው የዚያ ሥርዓት ልጅ ነው። ጂፒቲ አድራሻን የሚጽፈው በ64 ቢት ስለሆነ በገበያ ላይ ያለ የትኛውም ዲስክ ወሰኑን አይነካውም። በተለመደው አሠራርም እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል።

ከመጠን ሌላ የሚጠቅም ሁለተኛ ነገር አለው። ኤምቢአር ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ያቺ የመጀመሪያ ሴክተር ከተበላሸች ዲስኩ ባዶ መስሎ ይታያል። ጂፒቲ ግን መዝገቡን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ጽፎ ሁለተኛ ቅጂ መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱ መበላሸቱንም በማረጋገጫ ድምር ያውቃል። መብራት ድንገት ሄዶ የፊተኛው ቢጎዳ ከኋለኛው ማደስ ይቻላል። ሁለተኛው ቅጂ የሚጠብቀው መዝገቡን ብቻ ነው። የፋይሎቹ ቅጂ አይደለምና ባክአፕን አይተካም።

ማስታወሻዋ የምትናገረው ስለማን ነው?

ሰውን ወደ ኤምቢአር የምትገፋው ማስታወሻ ውሸት አይደለችም፤ ግን ዘመኗ አልፏል። ጂፒቲ ዲስክ የማያነበው በሰፊው የሚታወቀው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ነው። የኤክስፒ ድጋፍ ደግሞ በ2014 ተቋርጧል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያሉት ሁሉ፣ ማለትም 7፣ 8፣ 10 እና 11፣ ጂፒቲ የሆነ የፋይል ማስቀመጫ ዲስክን ያነባሉ፣ ይጽፉበታልም። ሊኑክስም እንዲሁ ነው። ማክ ደግሞ ኢንቴል ፕሮሰሰር መጠቀም ከጀመረበት ከ2006 አንስቶ የራሱን ዲስክ የሚያዘጋጀው በጂፒቲ ነው።

ሌላው ሥጋት “ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ባዮስ እንጂ ዩኢኤፍአይ የለውም” የሚል ነው። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ዲስኩ ለምን እንደተገዛ ነው። ዊንዶውስ የሚነሳው ከሌላ ዲስክ ከሆነና አዲሱ ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ፣ ባዮሱ አሮጌ መሆኑ ከጂፒቲ አያግድም። ዊንዶውስ 7 የጫነ የቆየ ዴስክቶፕ እንኳ ባለ 4 ቴራ ጂፒቲ ዲስክ በሁለተኝነት ተገጥሞለት ይሠራል።

ዩኢኤፍአይ የግድ የሚሆነው ዊንዶውስ ራሱ ከዚያ ትልቅ ዲስክ እንዲነሳ ሲፈለግ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛውን እንደሚጠቀም ለማወቅ msinfo32 ብለው ይጻፉና BIOS Mode የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ UEFI ወይም Legacy ይላል። Legacy ከሆነና ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ ከሌለው፣ ዊንዶውስን ባለ 2 ቴራ ገደብ ላይ አስሮ ትልቁን ዲስክ ከማባከን የተሻለ መላ አለ። ዊንዶውሱን በኤምቢአር የተዘጋጀ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ መጫን፣ ትልቁን ደግሞ ጂፒቲ አድርጎ ለፋይል መተው ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሁለት ዓይነት መዝገብ ዲስኮች አብረው መኖራቸው ምንም ችግር አያመጣም።

ሞልቶ ከተገኘስ?

ጉዳቱ የሚከብደው ስህተቱ ዘግይቶ ሲታወቅ ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ስቱዲዮን እናስብ። ባለ 4 ቴራ ዲስክ ገዝቶ በኤምቢአር ከፍቶታል። 2 ቴራው ለወራት ስለበቃው የቀረውን ልብ ያለው የለም። ዲስኩ ላይ 1600 ጊጋባይት ቀረጻ ከተከማቸ በኋላ ቦታ ማነስ ሲጀምር ነው ነገሩ የተገለጠው።

መጀመሪያ የሚደረገው ማረጋገጥ ነው። Disk Management ውስጥ በግራ በኩል Disk 1 የሚለውን ስም በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ Properties፣ ከዚያ Volumes የሚለውን ገጽ መክፈት ይበቃል። Partition style ከሚለው ቀጥሎ የመዝገቡ ዓይነት ተጽፏል። በፓወርሼል ደግሞ አንዲት ቃል ትበቃለች፦

```
Get-Disk
```

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና በዚያው Disk Management ውስጥ ያለው Convert to GPT Disk የሚለው ትእዛዝ ነው። ፓርቲሽን ባለበት ዲስክ ላይ ይህ ትእዛዝ የደበዘዘ ነው፤ የሚነቃው ፓርቲሽኖቹ በሙሉ ሲጠፉ ብቻ ነው። mbr2gpt የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል ሲባል የሰሙ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ግን የተሠራው ዊንዶውስ ለተጫነበት ዲስክ ነው። ቀረጻ ብቻ ያለበትን ዲስክ ሲሰጡት የሚፈልገውን ዊንዶውስ ስለማያገኝ እንቢ ይላል።

ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ይህንን አጽድቶ፣ መልሶ መገልበጥ። ስቱዲዮው ከወዳጅ ባለ 2 ቴራ ዲስክ ተዋሰ እንበል። 1600 ጊጋባይት በሰከንድ 120 ሜጋባይት በሚሄድ ዩኤስቢ 3 ሲገለበጥ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በስህተት አሮጌው ዩኤስቢ 2 ወደብ ላይ ከተሰካ ደግሞ 12 ሰዓት ያልፋል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ነው። ለግልበጣው ከመጎተት ይልቅ ሮቦኮፒ ይመረጣል፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ያው ትእዛዝ ሲደገም የተገለበጡትን ፋይሎች ዘሎ ይቀጥላልና።

```
robocopy D:\Video E:\Video /E /R:1 /W:1
```

ሲጨርስ ከታች በሚያወጣው ሠንጠረዥ FAILED የሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮም ቢሆን ከተገለበጡት ውስጥ ጥቂት ቀረጻዎችን ከአዲሱ ቦታ ከፍቶ ማየት ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ መመለሻ የለውም።

ዲስኩን የሚያጸዳውና የሚቀይረው ዲስክፓርት ነው። በአስተዳዳሪ ፈቃድ በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ይጻፋል፦

```
diskpart
list disk
select disk 1
detail disk
clean
convert gpt
create partition primary
format fs=ntfs quick
assign
```

እዚህ ውስጥ አደገኛዋ ቃል clean ናት። “እርግጠኛ ነህ?” ብላ አትጠይቅም፤ የተመረጠውን ዲስክ መዝገብ ወዲያው ታጠፋለች። ለዚህ ነው ከሷ በፊት detail disk የተጻፈው። የዲስኩን ሞዴልና በላዩ ያሉትን ፓርቲሽኖች ፊደል ያሳያል። ከ list disk ላይም መጠኑ 3726 GB መሆኑ ይታያል። የተዋሱትን ዲስክ ነቅሎ ወደ ጎን ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይጸዳም። ሥራው ሲያልቅ list disk እንደገና ሲጻፍ Gpt በሚለው ዓምድ ሥር ኮከብ ምልክት ይታያል።

አሁን ዲስኩ 3.63 ቴራባይት ገደማ ያሳያል። “0.37ቱስ የት ሄደ?” ለሚል መልሱ ቀላል ነው። አምራቹ ቴራን በሺህ እያበዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 እያበዛ። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

የሚዋሱት ዲስክ ለሌለው ሰው በሊኑክስ የሚሠራ ጂዲስክ የሚባል ፕሮግራም አለ። የኤምቢአር ዲስክ ሲሰጡት መዝገቡን በማስታወሻው ላይ ወደ ጂፒቲ ይተረጉማል፣ w ተብሎ እስኪታዘዝ ድረስ ግን ዲስኩ ላይ አይጽፍም። ከዚያ በዊንዶውስ ውስጥ Extend Volume በሚለው ትእዛዝ ፓርቲሽኑን ወደ ቀረው ቦታ ማስፋት ይቻላል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሌላ ቅጂ የሌለው ቀረጻ ባለበት ዲስክ ላይ ይህን መሞከር ቁማር ነው። መሃል ላይ መብራት ቢቋረጥ የሚከፍለው የሰው ሰርግ ነው።

ጂፒቲ ሆኖም 1678 የሚያሳይ ዲስክ

አንዳንዴ በትክክል በጂፒቲ የተዘጋጀ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ በዩኤስቢ ማቀፊያ ሲሰካ መጠኑ ይቀየራል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በማቀፊያው ውስጥ ያለው አሮጌ ቺፕ ነው። ቺፑ ሴክተሮችን በ32 ቢት የሚቆጥር ከሆነ፣ ቁጥሩ ሲሞላበት ከዜሮ ይጀምርና ትርፉን ብቻ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ባለ 4 ቴራው 1678 ጊጋባይት፣ ባለ 3 ቴራው 746 ጊጋባይት መስሎ ይታያል።

ሁለቱን ጥፋቶች መለየት አስቸጋሪ አይደለም። 1678ቱ ከ2048 ጎን Unallocated ተብሎ ከታየ ችግሩ ኤምቢአር ነው። የዲስኩ ጠቅላላ መጠን ራሱ 1678 ከሆነ ግን ችግሩ ማቀፊያው ነው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ፎርማት ላድርግ ወይም ላዘጋጅ ብሎ ቢጠይቅ እሺ ማለት አይገባም። ዲስኩን ነቅሎ በቀጥታ በሳታ ገመድ ማያያዝ ወይም ከ2 ቴራ በላይ እንደሚደግፍ የተጻፈበት ማቀፊያ መጠቀም ፋይሉን በቦታው ይመልሰዋል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንዳንድ የውጭ ዲስኮች ኤክስፒ እንዲያነባቸው ሲባል ማቀፊያቸው ሴክተሩን የ4096 ባይት አስመስሎ ያቀርባል። በዚህ መላ ኤምቢአር እስከ 16 ቴራ ድረስ ይዘረጋል። ነገር ግን ዲስኩ ከማቀፊያው ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገጠም መዝገቡ በ512 ባይት ስለሚነበብ አድራሻዎቹ ሁሉ ይዛባሉ፤ ዲስኩም ባዶ ይመስላል። ወደ ማቀፊያው ሲመለስ ሁሉም እንደነበረ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ከማውጣት በፊት ፋይሉን መገልበጥ ይሻላል።

ኤምቢአር አሁንም የሚያስፈልግበት ቦታ

ኤምቢአርን ብቻ የሚያነቡ መሣሪያዎች አልጠፉም። ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች፣ የሳተላይት ሪሲቨሮችና የመኪና ቴፖች ጂፒቲ ዲስክ ሲሰካባቸው ምንም እንዳልተሰካ ዝም የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊልም ቤት ውስጥ በሪሲቨር ለማየት ዲስክ የሚገዛ ሰው የመሣሪያውን መመሪያ ማየት፣ ወይም ያለውን ፍላሽ በጂፒቲ አዘጋጅቶ መሞከር አለበት።

መሣሪያው ጂፒቲን ካላነበበ፣ ባለ 4 ቴራ ዲስክ ገዝቶ ግማሹን መጣል ትርፍ የለውም። እዚያ ላይ የሚቀነሰው የዲስኩ መጠን ነው፤ ባለ 2 ቴራ ወይም ከዚያ በታች ተገዝቶ በኤምቢአር ይዘጋጅ። ከዚያ በላይ ለሆነና ከኮምፒውተር ጋር ብቻ ለሚሠራ ዲስክ ግን መልሱ ጂፒቲ ነው፤ ውሳኔውም የመጀመሪያው ፋይል ከመግባቱ በፊት መደረግ አለበት። ባዶ ዲስክ ላይ አንዲት ጠቅታ የምትጨርሰው ነገር፣ ከሞላ በኋላ የተዋሱት ዲስክና የአንድ ቀን ሥራ ይጠይቃል።